ባለ ቀንና ባለ ልክ

እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 2020፣ ሐሙስ ዕለት፣ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ በአንድ ቀን ብቻ 9.5 በመቶ ወደቀ። የኮሮና ወሬ ከተማውን ሁሉ ቤት ባስዘጋበት በዚያ ሳምንት ሰው የሚሮጠው ለመጸዳጃ ወረቀትና ለፓስታ ነበር። በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ሁለት እህትማማቾች ግን ሌላም ጭንቀት ነበረባቸው እንበል። እህትማማቾቹን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ የገበያው ቁጥር ግን የዚያው ዓመት ነው።

ሁለቱም 2020ን የጀመሩት እያንዳንዳቸው 100,000 ዶላር ይዘው ነው። ከዚህ ውስጥ 60,000ው ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን ባቀፈው በኤስ ኤንድ ፒ 500 የአክሲዮን ፈንድ፣ 40,000ው ደግሞ በቦንድ ፈንድ ተቀምጧል። ስድሳ ለአርባ የሚባለው ይህ ክፍፍል የሁለቱም ዒላማ ነው። አክሲዮኑ በረጅም ጊዜ ያድግልናል፣ ቦንዱ ደግሞ በክፉ ቀን ይይዘናል ብለው ነው የመረጡት።

ልዩነታቸው ክፍፍሉ ሲዛባ መቼ እንደሚያስተካክሉት ነው። ታላቋ ባለ ቀን ናት። በየዓመቱ ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ሒሳቧን ትከፍታለች፣ የበዛውን ትሸጣለች፣ ያነሰውን ትገዛለች፣ ከዚያ እስከሚቀጥለው ዓመት አትነካውም። ታናሿ ባለ ልክ ናት። ቀኑ ምንም ይሁን ምን፣ የአክሲዮኑ ድርሻ ከ60 በአምስት ነጥብ ሲርቅ፣ ማለትም 65 ሲደርስ ወይም ወደ 55 ሲወርድ፣ ያኔውኑ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። ቡና ሲፈላ ሰዓት አይቶ ጀበናውን የሚያነሳና አረፋው አንገቱ ላይ ሲደርስ የሚያነሳ ማለት ነው።

ክፍፍሉ የሚዛባው ማንም ሳይነካው ነው። አክሲዮኑ ከቦንዱ ፈጥኖ ሲያድግ ድርሻው ይበዛል፤ ባለቤቷ ከፈቀደችው በላይ አደጋ ተሸክማ ታድራለች ማለት ነው። ሲወድቅ ደግሞ ድርሻው ያንሳል፣ ገበያው ሲያገግም የምታገኘውም አብሮ ያንሳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። አምስት ነጥብ ትንሽ ይመስላል እንጂ ትንሽ አይደለም። ቦንዱ ባለበት ቢቆም፣ ድርሻው 65 እንዲደርስ አክሲዮኑ 24 በመቶ ገደማ ማደግ አለበት። ወደ 55 እንዲወርድ ደግሞ 18 በመቶ ተኩል ያህል መውደቅ ይኖርበታል። የታናሿ ደወል በየሳምንቱ የሚጮኽ አይደለም፤ ዓመት ሙሉ ዝም ሊልም ይችላል።

በዚያ ሐሙስ ግን ጮኸ። ሒሳቡ ቀላል እንዲሆን የዓመቱን የትርፍ ድርሻ ልተወውና ቦንዱን ባለበት እንዳለ ልቁጠረው። ኤስ ኤንድ ፒ 500 ዓመቱን የጀመረው ከ3,231 ገደማ ነበር፤ በማርች 12 መዝጊያ 2,481 ሆነ። የታናሿ 60,000 ዶላር 46,070 ሆኖ ቀረ። ከ40,000ው ቦንድ ጋር ሲደመር 86,070 ነው፤ የአክሲዮኑ ድርሻም 53.5 በመቶ። ሕጓ ግዢ ይላል። 5,570 ዶላር የሚያህል ቦንድ ሸጣ በዚያው አክሲዮን ገዛች።

ከዚያ በኋላ የመጡት አሥራ አንድ ቀናት ቀላል አልነበሩም። ገበያው የመጨረሻውን ወለል ያገኘው ማርች 23 ቀን፣ በ2,237 ነው። አዲስ የገዛችው አክሲዮን በነዚያ ቀናት ወደ 10 በመቶ ተጨማሪ ወረደ። ታላቋ ይህን ሁሉ አላየችም፤ ሒሳቧን የምትከፍተው ዲሴምበር ነውና።

ጁን መጀመሪያ ላይ መለኪያው ወደ 3,081 ተመለሰ። የታናሿ አክሲዮን ድርሻ 65ን ጥቂት ስላለፈ ደወሉ በሌላው በኩል ጮኸ፤ 5,000 ዶላር ገደማ አክሲዮን ሸጣ ወደ ቦንድ መለሰች። ዓመቱ በ3,756 ሲዘጋ ታናሿ 111,530 ዶላር ያህል ነበራት። ምንም ያልነካችው ታላቋ 109,760። ልዩነቱ 1,770 ዶላር ነው።

ታናሿ ደውላ «እትዬ፣ አየሽ!» ብትል አይፈረድባትም። ነገር ግን እዚህ ላይ ጉዳዩን የተዘጋ አድርጎ መሄድ ስህተት ነው። ለምን ቢባል፣ ታላቋ የመረጠችው ቀን ዲሴምበር መጨረሻ ሳይሆን ማርች መጨረሻ ቢሆን ኖሮስ? ማርች 31 ቀን መለኪያው 2,585 ላይ ነበር፤ ከዓመቱ መጀመሪያ በትክክል 20 በመቶ ዝቅ ብሎ። አክሲዮኗ 48,000 ይሆናል፤ ሚዛኑን ለመመለስ 4,800 ዶላር ትገዛለች፤ ዓመቱ ሲያልቅም 111,930 ይኖራት ነበር። ያለ ምንም ደወልና ጭንቀት ከታናሿ በ400 ዶላር ትበልጣለች። ያው ሕግ፣ ያው ፈንድ፤ የተለየው ቀኑ ብቻ ነው። በዓመት አንዴ በቀን የሚያስተካክል ሰው በየዓመቱ ሳያውቀው ዕጣ ያወጣል፤ አንዳንዴ ጥሩ ዕጣ ይደርሰዋል፣ አንዳንዴ 2020ን ሙሉ ተኝቶ ያሳልፋል። አንድ ዓመት ላይ ተንጠልጥሎ «ይኸኛው ዘዴ ያተርፋል» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ የመረጠው ቀን የትኛው እንደሆነ ጠይቁት።

የልኩም ዘዴ የራሱ ጣጣ አለው፤ ወረቀት ላይ አይታይም። ታናሿ በሐሙስ መዝጊያ ዋጋ ገዛች አልኩ። እውነቱን ለመናገር ያ ከባድ ነው። ተራው የጋራ ፈንድ የሚገዛውም የሚሸጠውም በቀኑ መዝጊያ ዋጋ ነው፤ ትዕዛዙ ግን ገበያው ከመዘጋቱ በፊት፣ ዋጋው ሳይታወቅ መግባት አለበት። ድርሻዋ ከልኩ ማለፉን ማታ ቤቷ ገብታ ያየች ሴት ትዕዛዟ የሚፈጸመው ዓርብ መዝጊያ ላይ ነው። ዓርብ ምን ሆነ? ገበያው ከ9 በመቶ በላይ ዘለለ፣ መለኪያው 2,711 ላይ ዘጋ። በዚያ ዋጋ የአክሲዮኗ ድርሻ 55.7 ነው፤ ከልኩ ውስጥ ተመልሶ ገብቷል! ያለፈ ደወል ሰምታ ገዛች ማለት ነው። ሰኞ ደግሞ መለኪያው 12 በመቶ ወርዶ 2,386 ላይ ዘጋ፤ ዓርብ ሳትገዛ ብትቀር ኖሮ ደወሉ እንደገና ይጮኽ ነበር። በየቀኑ የሚመለከት ሰው በእንዲህ ያለ ሳምንት እጁ ከስልኩ ላይ አይነሳም፤ ሥራውንም እንቅልፉንም ያጣል።

ዋጋውም በዚያው ቀን ይወደዳል። ልክ የሚጠብቅ ሰው ወደ ገበያ የሚወጣው ገበያው በተናወጠበት ቀን ነው፤ ያኔ ደግሞ በገዢና በሻጭ ዋጋ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል። በማርች 2020 የሆነው ለዚህ ምስክር ነው። በገበያ ላይ እንደ አክሲዮን የሚሸጡ ትልልቅ የቦንድ ፈንዶች፣ በጸጥታ ዘመን ክፍተታቸው ከሳንቲም ብዙም የማይበልጠው፣ በዚያ ሳምንት በውስጣቸው ካለው ቦንድ ከተሰላው ዋጋ በብዙ በመቶ ዝቅ ብለው ተሸጡ። ታናሿ 5,570 ዶላር ቦንድ የሸጠችው አምስት በመቶ ጎድላ ነው ብንል 280 ዶላር እዚያው በር ላይ ቀረ። ከ1,770ው ቀንሱት።

ኮሚሽን ግን ዛሬ ትልቅ ጉዳይ አይደለም። በኦክቶበር 2019 ቻርልስ ሽዋብ ለአሜሪካ አክሲዮን የሚያስከፍለውን ኮሚሽን ዜሮ አደረገ፤ ሌሎቹም ትልልቅ ደላሎች በቀናት ውስጥ ተከተሉት። ከዚያ በፊት የተጻፉ መጻሕፍት «አታብዙ፣ በየግብይቱ ትከፍላላችሁ» የሚሉት ለዚህ ነበር። ዛሬ ከባዱ ወጪ ግብር ነው፤ እሱም የሚወሰነው በቀኑም በልኩም ሳይሆን ገንዘቡ በተቀመጠበት ሒሳብ ነው።

ገንዘቡ በመሥሪያ ቤት የጡረታ ቁጠባ፣ በተለምዶ ፎር-ኦ-ዋን-ኬ በሚባለው፣ ወይም ሰው በራሱ በሚከፍተው አይ-አር-ኤ ውስጥ ከሆነ፣ በውስጡ በተደረገ መግዛትና መሸጥ ላይ የዓመቱ ግብር አይታሰብም። ሚዛኑን በዓመት አሥር ጊዜ ብትመልሱት የታክስ ቢሮው አያይም። ገንዘቡ በተራ የኢንቨስትመንት ሒሳብ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ትርፍ ያለበት ሽያጭ ይቆጠራል። ከአንድ ዓመት በላይ የተያዘ አክሲዮን ትርፍ ብዙውን ጊዜ 15 በመቶ የፌዴራል ግብር ይከፈልበታል፤ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ዜሮ፣ በጣም ከፍተኛ ገቢ ያለው 20። ዓመት ያልሞላው ግን እንደ ደመወዝ ነው የሚታየው። የሜሪላንድ ግብር በዚህ ላይ ይጨመራል።

የታናሿን የጁን ሽያጭ እንውሰድ። 5,000 ዶላር አክሲዮን ሸጣለች። የሸጠችው ከዓመታት በፊት የገዛችውን፣ ዋጋው እጥፍ የሆነውን ቢሆን፣ ትርፏ 2,500 ነው፤ 15 በመቶው 375 ዶላር። በማርች የገዛችውን ብትሸጥ ግን ትርፏ 975 ገደማ ብቻ ነው። ዓመት ስላልሞላው በደመወዟ መደብ፣ 22 በመቶ እንበል፣ ይታሰባል፤ 215 ዶላር። የግብሩ መጠን ከፍ ብሎ ክፍያው አነሰ! ብዙ ሰው «አሮጌውን ሽጡ፣ ግብሩ ዝቅ ይላል» የሚለውን ምክር ሰምቶ ትርፉን ሳያሰላ ይሸጣል። ደላላው ቤት ካልተነገረው አክሲዮንን ብዙውን ጊዜ ከቀድሞው ጀምሮ ነው የሚሸጠው፤ የተለየ ከተፈለገ ሽያጩ ሲታዘዝ የትኛው ግዢ እንደሚሸጥ መምረጥ ያስፈልጋል። በእርግጥ ግብሩ ሙሉ በሙሉ የባከነ ገንዘብ አይደለም፤ ወደፊት ይከፈል የነበረው ቀድሞ መጣ እንጂ። ቢሆንም ዛሬ የወጣ ዶላር ነገ አያድግም።

ሌላ ወጥመድም አለ። በኪሳራ የሸጣችሁት አክሲዮን ከግብር ይቀነስልናል ብላችሁ ብታስቡ፣ ከሽያጩ በፊት ባሉት ወይም በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ያንኑ ከገዛችሁ ኪሳራው ለጊዜው አይቆጠርላችሁም። በማርች 2020 ስንቱ ሆን ብሎ ሳይሆን፣ የትርፍ ድርሻው በራሱ ያንኑ ፈንድ እንዲገዛ አዝዞት ስለነበር ብቻ፣ እዚህ ውስጥ ወደቀ። አይ-አር-ኤ ውስጥ የተገዛውም ይቆጠራል። ሚዛን ለመመለስ የምትሸጡበት ሒሳብ ላይ ያንን አውቶማቲክ ግዢ ማጥፋት ሁለት ጥቅም አለው፤ ከወጥመዱ ያድናል፣ የተጠራቀመውም ዶላር ያነሰውን ለመግዛት ይውላል።

ከሁሉ ርካሹ መንገድ አለመሸጥ ነው። ታላቋ በወር 500 ዶላር ትቆጥባለች እንበል። የአክሲዮኗ ድርሻ 63 ቢደርስ የተዛባው 3,000 ዶላር ነው። ወርሃዊውን ሙሉ ወደ ቦንድ ብታዞረው፣ አዲሱ ገንዘብ ድምሩንም ስለሚያሳድገው፣ ገበያው ባለበት ቢቆም በአሥር ወር ቦታው ይመለሳል፤ አንድም ሽያጭ፣ አንድም ግብር የለም። ሒሳቡ 100,000 ሲሆን ይህ ይሠራል። 800,000 ከሆነ ግን 3 ነጥብ ማለት 24,000 ዶላር ነው፤ 500ው ባሕር ላይ ጠብታ። ወጣት ቆጣቢ ስለ ቀንና ልክ ክርክር ያን ያህል ሊጨነቅ የማይገባው ለዚህ ነው፤ ክርክሩ የሚጀምረው ለጡረታ ሲቃረብ ነው። ሁለት ሒሳብ ያለውም ሁለቱን እንደ አንድ ይቁጠር። ድርሻው ሲዛባ መሸጡን በፎር-ኦ-ዋን-ኬው ውስጥ ያድርግና ግብር የሚከፈልበትን አይንካው።

ሕጉ ራሱ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ትርፍ አይመራም። በ2023 እና በ2024 አክሲዮን በተከታታይ 26 እና 25 በመቶ አድጓል፤ ቦንድ 5 ተኩል እና 1 ከምናምን። በየዓመቱ መጨረሻ የሸጠው ሰው ከ100,000 ተነስቶ 136,300 ደረሰ፤ ያልነካው 137,500። ታዛዡ 1,200 ዶላር ቀረበት። ያልነካው ግን 69 በመቶ አክሲዮን ይዞ ነው ወደ 2025 የገባው። የቀረው 1,200 እንደ መድን አረቦን ቢታይ ይሻላል፤ ቤቱ ያልተቃጠለበት ሰው አረቦኑን ኪሳራ አይለውም።

መድኑ የማይሸፍነውም አለ። በ2022 አክሲዮን 18 በመቶ፣ ቦንድ 13 በመቶ ወደቁ። ስድሳ ለአርባ የያዘ ሰው በአንድ ዓመት 16 በመቶ ገንዘቡን አጣ። የአክሲዮኑ ድርሻስ? 58.5። የታናሿ ደወል በዓመቱ መጨረሻ ዝም ብሎ ነበር። ልኩ የሚለካው የሁለቱን ዝምድና እንጂ የደረሰውን ጉዳት አይደለም፤ ሁለቱ ተያይዘው ሲወርዱ «ምንም አልተፈጠረም» ይላል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለቱን እህትማማቾች አገናኛቸዋለሁ። መመልከቻው ቀን ይሁን፣ መንቀሳቀሻው ልክ። በየሩብ ዓመቱ አንድ የተወሰነ ቀን ይከፈታል፤ ድርሻው ከአምስት ነጥብ በታች ከተዛባ ምንም ሳይነካ ይዘጋል። ከአምስት ካለፈ ይስተካከላል። ዓመት ሙሉ ምንም ላይደረግ ይችላል፤ ማርች 12 ላይ ማንም ስልክ አያነሳም፣ ማርች 31 ላይ ግን ይነሳል። ድርሻው ትንሽ ለሆነ ነገር፣ ለምሳሌ 10 በመቶ ብቻ ለተመደበለት የውጭ አገር ፈንድ፣ አምስት ነጥብ በጣም ሰፊ ነው፤ ግማሹ እስኪጠፋ ደወሉ አይጮኽም። አሜሪካዊው የገንዘብ ጸሐፊ ላሪ ስዊድሮ ያስለመዱት መላ ለዚህ ይረዳል። አምስት ነጥብ ወይም የዒላማው ሩብ፣ ከሁለቱ ያነሰው ይወሰዳል። ለ10 በመቶ ድርሻ ልኩ ሁለት ተኩል ነጥብ ይሆናል ማለት ነው።

ግብር በሚከፈልበት ሒሳብ ደግሞ እስከ ዒላማው ድረስ መመለስ ግዴታ አይደለም። ወጪው በየግብይቱ የተወሰነ ቢሆን ኖሮ አንዴ ከወጡ እስከ መጨረሻው መሄድ ያዋጣ ነበር። ግብርና የዋጋ ክፍተት ግን በሚሸጠው መጠን ነው የሚያድጉት፤ ስለዚህ ከ66 ወደ 60 ሳይሆን ወደ 62 ወይም 63 መመለስ ከአደጋ ጭማሪው ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ያስወግዳል፣ ከግብሩም ከሲሶ እስከ ግማሽ ያስቀራል።

ታላቋ እህት ግን አንድ ነገር ደብቃናለች። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት አላት፤ ዋጋው ከ100,000ው ዶላር ይበልጣል። ሒሳቧን ስትሠራ ቤቱን ብትቆጥረው ስድሳ ለአርባው ተረት ይሆናል፤ ከንብረቷ ከግማሽ በላይ ያለው አንድ ከተማ፣ አንድ ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ይህን በቀንም በልክም ማስተካከል አይቻልም፤ ድርሻው በዛ ተብሎ የሳሎኑ ግድግዳ አይሸጥም፤ ቢሸጥም ሙሉውን ነው፣ ደላላው፣ ግብሩና የስም ዝውውሩ ተከትሎት። የቀራት መንገድ ያችው 500 ዶላር ናት፤ ግቢው ውስጥ ሰርቪስ ቤት ለመጨመር በየወሩ የምትልከውን ማቆም።